ያልተለካው ሜትር፦ የአንድ ክሬን ገመድ መበጠስ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአንድ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ የሚሠራ፣ 10 ቶን የማንሳት አቅም ያለው የጣሪያ ክሬን ገመድ የተበጠሰበት ነው። ክሬኑ በዚያን ጊዜ ይዞት የነበረው አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን ክብደቱ 6.4 ቶን ነበር። ሞተሩ ከተቀመጠበት የእንጨት ርብራብ ወደ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ ገመዱ ተበጠሰና ከነመንጠቆው ወደቀ። ኦፕሬተሩ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን ይዞ 4 ሜትር ያህል ርቆ ስለቆመ እርሱም ሆነ ሌላ ሰው አልተጎዳም፤ የሞተሩ ሁለት እግሮች ግን ተሰብረዋል። የአደጋውን ሰነድ የማጠናቀር ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያ ሰነድ እንዴት እንደተሠራ፣ ምን እንዳሳየና የት ላይ መልስ እንዳጣ ነው።

በቦታው ስደርስ አደጋው ከደረሰ 20 ደቂቃ ያህል አልፎ ነበር። የፈረቃው ኃላፊ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ሞልቶ ጨርሶታል። «ምክንያት» በሚለው ረድፍ ላይ ከተደረደሩት ምርጫዎች መካከል «ከመጠን በላይ ጭነት» የሚለው ምልክት ተደርጎበታል። ሰውየው በክፋት ያደረገው አይመስለኝም፤ ቅጹ ምክንያቱን የሚጠይቀው ማንም ሰው ገመዱን ቀና ብሎ ሳያይ በፊት ስለሆነ፣ የሚሞላውም ሰው መጀመሪያ ሐሳቡ ውስጥ የመጣውን ይመርጣል። ሆኖም ያቺ ምልክት እንዳለች ብትቀር ኖሮ ጥፋቱ በሙሉ በኦፕሬተሩ ላይ ያርፍ ነበር።

በወለሉ ላይ የተዘረጋውን ገመድ ጠቅልሎ ለማንሳት ሁለት ሠራተኞች ጓንት አድርገው ቆመው ነበር። አስቁመናቸው የክሬኑን ዋና ማብሪያ አጥፍተን በቁልፍ ዘጋንና መንካት ሳንጀምር መመዝገብ ጀመርን። ገመዱ በሚጠመጠምበት ከበሮ ላይ በግራና በቀኝ የቀረውን ጥምጥም ቆጠርን፤ በሁለቱም ወገን 11 ነበር። ገመዱ ከፑሌዎቹ የትኛው ላይ እንደቀረና ከየትኛው እንደወጣ፣ የመንጠቆው ብሎክ በየት በኩል እንደወደቀ፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ቁልፍ በምን ቦታ ላይ እንዳለ ጻፍን። ፎቶግራፎቹን ከሩቅ ጀምረን ወደ ቅርብ እየመጣን አነሳን፤ በቅርብ በተነሳው ሁሉ ላይ ማስመሪያ ከጎኑ አስቀመጥን፤ መጠኑ የማይታወቅ ፎቶ በኋላ ለክርክር ካልሆነ ለምንም አይሆንምና።

ቀጥሎ ከሁለቱ የከበሮ ጫፎች አንሥቶ እስከ ተበጠሰበት ቦታ ያለውን ርዝመት በሜትር ለካን። በአንደኛው ወገን 19.58 ሜትር፣ በሌላኛው 19.70 ሜትር ሆነ። ልዩነቱ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ገመዱ የተበጠሰው በትክክል መሃሉ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ሁሉም ጥያቄ ወደዚያ መሃል ዞረ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የገመዱን አካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ክሬን ላይ የገመዱ ሁለቱም ጫፎች የሚታሰሩት ከበሮው ላይ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን ወደ ታች ወርዶ በመንጠቆው ብሎክ ውስጥ ባለ ፑሌ ላይ ይዞርና ወደ ላይ ይመለሳል። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት ላይ፣ ከማንሻው አካል ጋር በተያያዘች አንዲት ፑሌ ላይ ሲሆን እርሷን ማመጣጠኛ ፑሌ እንላታለን። ጭነቱን በዚህ መልክ የሚይዙት አራት የገመድ መስመሮች ናቸው። ከበሮው ሲጠቀልል ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚሳብ በማመጣጠኛዋ ላይ ያለው ገመድ ወደየትም አይሄድም፤ የሁለቱን ወገን ጥቃቅን ልዩነት ለማካካስ ብቻ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ሌላው የገመድ ክፍል በየጊዜው ቦታውን ሲቀያይር ያ አንድ ሜትር የማይሞላ ክፍል ግን ዕድሜውን ሙሉ በፑሌዋ ዙሪያ ባለው ጉድባ ውስጥ በአንድ ቦታ ተኝቶ፣ በእያንዳንዱ ማንሳት እየተወጠረና እየላላ ይኖራል። ፑሌዋ በነፃነት የምትዞር ከሆነ ጉዳቱ ቀስ ያለ ነው። ከቆመች ግን ያቺ ትንሽ መወዛወዝ ወደ መፋቅ ትለወጣለች፤ ገመዱ በጉድባው ላይ ይሞረዳል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የሚጎዳው ፊት ጉድባውን የነካው የውስጥ ፊት መሆኑ ነው። ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ምንም አያይም፤ ላይ ወጥቶ የሚያይም ቢሆን ገመዱን አላልቶ ከጉድባው ካላነሳው በቀር የሚያየው ጀርባውን ብቻ ነው።

ላይ ወጥተን ፑሌዋን በእጅ ለማዞር ሞከርን፤ አልነቃነቅ አለች። ጉድባዋ ውስጥ የገመዱ ጉንጉኖች ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞ ነበር። የምትዞር ፑሌ ላይ እንዲህ ያለ አሻራ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀርም። ከሥሯ፣ በማንሻው አካል ላይ፣ ቡና መሳይ ደቃቅ ዱቄት ተከምሯል፤ ሽቦ ከሽቦና ከጉድባ ጋር ሲፋጭ የሚወጣ የዛገ የብረት ዱቄት ነው። በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ሰብስበን ቁጥር ሰጠነው።

የተበጠሱትን ጫፎች ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ ማስረጃው የሚጠፋው በዚህ ሰዓት ነው፤ አንድ ሰው ሁለቱን ጫፎች ገጥሞ «እዚህ ጋ ነበር» ብሎ ለማሳየት ሲሞክር ወይም ግሪሱን በሽቦ ብሩሽ ሲጠርግ። ሁለቱን ጫፎች ሲያገጣጥም የሽቦዎቹ የተበጠሱ ፊቶች ይፋተጋሉ፤ በብሩሽ ሲጠርግ ደግሞ የዛገው ከአዲሱ መለየቱ ያበቃል። እኛ ጫፎቹን እንዳሉ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን በፕላስቲክ አሰርን። ከብጣሹ አንድ ሜትር ያህል ርቀን፣ የምንቆርጥበትን ቦታ በግራና በቀኝ በቀጭን ሽቦ ጠምጥመን ካጠበቅን በኋላ በዲስክ ቆረጥን፤ ሳይታሰር የተቆረጠ ገመድ ይፈታና የጉንጉኖቹ አቀማመጥ ይጠፋል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ወደ ከበሮው የሚያመለክት ቀስት ሣልን። ቁራጮቹ የተቀመጡበት ሳጥን ሲከፈትና ሲዘጋ የሚፈረምበት አንድ ወረቀት ከክዳኑ ሥር ለጠፍን።

ገመዱ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ስድስት ጉንጉን ያለውና እያንዳንዱ ጉንጉን 36 ሽቦ የያዘ፣ እምብርቱም የብረት ገመድ የሆነ ነበር። የውጪዎቹ ጉንጉኖች ሽቦ በድምሩ 216 ነው። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ቀን ወስደን፣ በማጉያ መነጽር፣ አንዳችን የሌላችንን ወረቀት ሳናይ ሁሉንም ቆጠርን። መለያው ለማንም የሚገባ ነው። በድንገተኛ ውጥረት የተበጠሰ ሽቦ ከመበጠሱ በፊት ስለሚሳብ ጫፉ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ይቀጥናል፤ ፊቱም ብሩህ ነው። በመዛል፣ ማለትም በተደጋጋሚ መወጠርና መላላት ደክሞ የተበጠሰ ሽቦ ግን ሳይቀጥን ቀጥ ብሎ የተሰበረ፣ ጠፍጣፋ ፊት ያለው ነው፤ ከቆየ ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል ወይም ይዝጋል። የእኔ ቆጠራ 152 የቆየ ስብራት፣ 30 አዲስ፣ 34 ደግሞ ገመዱ ሲገረፍ ተጨፍልቆ የማይለይ ሆነ። የባልደረባዬ ቆጠራ 147፣ 33 እና 36 ነበር። ሁለቱንም በሰነዱ ውስጥ እንዳሉ አስገባን። አንዱን መርጠን ብናጸዳው ይበልጥ የሚያምር ሠንጠረዥ ይወጣ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ጥንቁቅ ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ በምን ያህል እንደሚለያዩ ማሳየቱ ራሱ መረጃ ነው።

«ከመጠን በላይ ጭነት» የሚለው ምልክት የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ጤናማ ገመድ በጭነት ብዛት ቢበጠስ ኖሮ ሽቦዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል የቀጠኑና ብሩህ መሆን ነበረባቸው። ለማንኛውም ሞተሩን በሌላ ክሬን ላይ በሚዛን መዝነነው 6.38 ቶን አገኘን፤ የአቅሙ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አልሞላም። የጭነት መገደቢያውም በኋላ ሲፈተን በ10.9 ቶን ላይ ማንሻውን አቁሟል፤ ስለዚህ መገደቢያው አልተነካካም።

ስሌቱም ከዚሁ ጋር ይስማማል። የገመዱ የምስክር ወረቀት ዝቅተኛ የመበጠሻ ጉልበቱ 161 ኪሎ ኒውተን እንደሆነ ይናገራል። ሞተሩና የመንጠቆው ብሎክ አንድ ላይ 6.6 ቶን ያህል ቢሆኑ፣ ለአራት መስመር ሲካፈል እያንዳንዱ መስመር 16 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይይዛል፤ ማንሻው ሲነሳ የሚፈጠረው መንጠቅ ሲታከልበት ወደ 20 ይጠጋል። ጤናማ ገመድ ይህን ስምንት እጥፍ ይችላል። እምብርቱ ተፈጭቶ ስላገኘነው ከስሌቱ አወጣነውና፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሳይበጠሱ የቀሩት 30 ወይም 33 ሽቦዎች ብቻ ናቸው ብንል የሚችሉት ከ19 እስከ 21 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። ማለትም ከጭነቱ ጋር እኩል ለእኩል ነበር። የማይለዩት ሽቦዎች በሙሉ አዲስ ስብራት ናቸው ቢባል ግን ቁጥሩ ከ40 ያልፋል፤ ያን ያህል ቢሆን ገመዱ በዚያች ማንሳት አይበጠስም ነበር። ስለዚህ ከማይለዩት መካከል ብዙዎቹ የቆዩ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በሰነዱ ውስጥ ግን የጻፍነው «ሳይሆኑ አይቀሩም» ብለን ነው እንጂ «ናቸው» አላልንም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ይህ ሁሉ ሽቦ ሲበጠስ መዝገቡ ምን ይል ነበር የሚለው ነው።

የገመዱ ማኅደር ከጠበቅነው በላይ ጥሩ ነበር። የአምራቹ የምስክር ወረቀት አለ፤ ከአደጋው 34 ወራት በፊት የተገጠመበት ቀንም አለ። ገመዱን የገጠመው መካኒክ ደግሞ ብዙ ሰው የማያደርገውን አድርጎ፣ ገመዱ ሥራ በጀመረ ሰሞን ውፍረቱን ለክቶ 16.4 ሚሊ ሜትር ብሎ ጽፏል። ይህ ቁጥር ትልቅ ዋጋ አለው፤ አዲስ ገመድ ከሚጠራበት ውፍረት ጥቂት ወፍሮ ስለሚመጣ፣ መነሻው ካልተለካ በኋላ ምን ያህል እንደቀጠነ በትክክል ማወቅ አይቻልም።

ወርኃዊ የምርመራ ቅጾቹን ስንሰበስብ ከ34ቱ 31 አገኘን። ሦስቱ የሉም፤ የሌሉ መሆናቸውን ከነወራቸው መዘገብን። በሁሉም ላይ «የገመድ ሁኔታ» በሚለው ረድፍ «ደህና» የሚል ቃል አለ። በ12ቱ ላይ ከቃሉ በተጨማሪ የውፍረት ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሮቹ በሙሉ በ16.1 እና በ16.3 መካከል ናቸው። አይኤስኦ 4309 የተባለው የክሬን ገመድ መመዘኛ፣ እምብርቱ ብረት ለሆነ እንዲህ ላለ ገመድ ከመነሻው ልኬት የቀነሰው መጠን የሚጠራበትን ውፍረት 7.5 በመቶ ሲደርስ እንዲጣል ያዛል፤ በእኛ ገመድ 1.2 ሚሊ ሜትር መቀነስ ማለት ነው። ስለዚህ 16.1 የሚለው ልኬት ከገደቡ እጅግ የራቀ ነበር። እኛ ከብጣሹ አጠገብ፣ ጉድባው ውስጥ ይተኛ በነበረው ክፍል ላይ ስንለካ ያገኘነው 14.9 ነው። ከ16.4 ሲቀነስ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ በመቶኛ 9.4 ይሆናል።

መርማሪው ቁጥሩን ፈጥሮታል ብለን ልንጠረጥር እንችል ነበር። ካሊፐሩን ይዞ የት እንደሚለካ እንዲያሳየን ጠየቅነው። መንጠቆውን ወደ ወለል አውርዶ፣ ከብሎኩ በላይ በእጁ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ የካሊፐሩን መንጋጋ በሁለት ተቃራኒ ጉንጉኖች ጀርባ ላይ በትክክል አሳርፎ ለካ። እኛም በዚያው ቦታ ለካን፤ 16.1 ነበር። ሰውየው ለሦስት ዓመት ያህል እውነተኛ ቁጥር ሲጽፍ ኖሯል። ቁጥሩ ግን የተለካው ገመዱ ከማይጎዳበት ቦታ ነው፤ ቅጹ ደግሞ «የት?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። «ወደ ላይ ለመውጣት መሰላልና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቅጹ ላይ ደግሞ ላይ ውጣ የሚል የለም» አለን። ይህን ቃሉን በቃል አቀባበል ክፍሉ ውስጥ እንዳለ አስፍረነዋል።

ሁሉም ነገር እንዲህ ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። ከቅጾቹ ሁለቱ የተጻፉበት ቀን፣ ክሬኑ የኃይል መስመሩ ሲጠገን በቁልፍ ተዘግቶ ከቆየባቸው 11 ቀናት ውስጥ ያርፋል። ሆኖም ሁለቱም «ተሞክሯል፤ እንግዳ ድምፅ የለውም» ይላሉ። ይህን ያገኘነው ቅጾቹን በማንበብ ሳይሆን የምርመራ ቀኖቹን ከመቆለፊያ መዝገቡ ጎን በአንድ መስመር ላይ ስናሰልፍ ነው። አንድ መዝገብ ብቻውን ሲነበብ ምንጊዜም ራሱን ይደግፋል።

ይኸው ዘዴ ዋናውን ግኝት አስገኘ። ከአደጋው 14 ወራት በፊት አንድ የሥራ ትዕዛዝ ተከፍቶ ነበር። የተጻፈው አጭር ነው፦ «ማመጣጠኛ ፑሌ አትዞርም። ግሪስ አይገባም። ኩሽኔታ ይቀየር።» ችግሩ ታይቷል፤ በትክክል ተሰይሟል፤ መፍትሔውም ተጽፏል። ትዕዛዙ በ9ኛው ቀን «ተሠርቷል» ተብሎ ተዘጋ። የዕቃ ግምጃ ቤቱን የወጪ ደረሰኞች ለእነዚያ 9 ቀናትና ከዚያ በኋላ ላለው አንድ ወር አገላበጥን፤ ለዚህ ክሬን የወጣ ኩሽኔታ የለም። ለዚያች ፑሌ የሚሆኑ ኩሽኔታዎች ቀድሞ ተገዝተው ሁለት ነበሩ፤ እኛ መደርደሪያው ላይ ስንቆጥርም ሁለት ነበሩ፤ ማሸጊያቸውም አልተከፈተም።

ትዕዛዙን የዘጋው መካኒክ ምንም አልሸሸገም። ላይ ወጥቶ በዙሪያዋ ግሪስ ቀብቶ፣ በብረት ዘንግ ጎትጉቶ ሲያዞራት ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ኩሽኔታውን ለመቀየር ገመዱን ማላላትና ክሬኑን ግማሽ ቀን ማቆም ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ክሬኑን የሚለቅለት አላገኘም። ተመልሶ ሊሠራው አስቦ፣ ትዕዛዙ ክፍት ሆኖ ሲቆይ በየሳምንቱ ስብሰባ ስለሚነሳበት ዘጋው። ትዕዛዙ ከተዘጋ በኋላ ጉድለቱን የሚያስታውስ አንድም ወረቀት አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ በተጻፉት ቅጾች ላይ ፑሌዎችን የሚመለከተው ረድፍ «ደህና» ይላል፤ ሦስቱም ፑሌዎች በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ቃል።

የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ተቀድዶ አዲስ ይሞላ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተስማማሁም። «ከመጠን በላይ ጭነት» የሚለውን ምልክት ከሥሩ እንዲነበብ አድርገን በአንድ መስመር ሰረዝነው፤ ከጎኑ ቀንና ፊርማ አኖርን፤ የሽቦ ቆጠራውን ገጽ ቁጥር ጠቀስን። የፈረቃው ኃላፊም በራሱ እጅ ፈረመበት። በመደምደሚያው ላይ የጻፍነው፣ ገመዱ የተበጠሰው በቆመች ማመጣጠኛ ፑሌ ላይ በተጠራቀመ መፋቅና መዛል መሆኑን፣ ይህም ከምርመራው ያመለጠው ልኬቱ በዚያ ቦታ ተወስዶ ስለማያውቅ መሆኑን፣ ጉድለቱ በሥራ ትዕዛዝ ከታወቀ በኋላ ሳይጠገን መዘጋቱን ነው። ፑሌዋ በትክክል መቼ እንደቆመች ከሰነዶቹ ሊታወቅ አልቻለም፤ ቢዘገይ ከ14 ወራት በፊት መሆኑ ብቻ ተረጋግጧል።

ለውጡ በሁለት ወረቀት ላይ አረፈ። አንደኛው የምርመራ ቅጹ ነው። «ደህና» የሚለው ቃል ወጥቶ በቦታው የገመዱ ንድፍ ገባ፤ በንድፉ ላይ አራት የመለኪያ ቦታዎች ተመልክተዋል፤ ለእያንዳንዱ ውፍረትና በአንድ ሙሉ የጉንጉን ዙር ውስጥ የታየ የተበጠሰ ሽቦ ቁጥር ይጻፋል። ለማመጣጠኛዋ ለብቻዋ፣ መንጠቆው ድጋፍ ላይ ካረፈ፣ ክሬኑ ከተቆለፈና ገመዱ ከጉድባው ከተነሳ በኋላ ብቻ የሚሞላ ረድፍ ተሰጣት። ሁለተኛው የሥራ ትዕዛዙ ነው፤ ዕቃ የሚጠይቅ ትዕዛዝ የወጪ ደረሰኙ ቁጥር ሳይጻፍበት አይዘጋም። በከፊል የተሠራ ሥራ ደግሞ «በከፊል» ተብሎ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

አዲሱ ቅጽ መጀመሪያ የተሞላው በዚያው ወርክሾፕ ባለው ሁለተኛ ክሬን ላይ ነበር። ገመዱ ተመሳሳይ፣ የተገጠመበት ጊዜም ተቀራራቢ ነው። ከታች የተለካው 16.2 ሆነ። ማመጣጠኛዋ ላይ፣ ገመዱ ከጉድባው ተነሥቶ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ፣ 15.6 ሆነ፤ ከመነሻው 5 በመቶ ቀንሷል፤ በውፍረት ገና አይጣልም። ነገር ግን በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ሽቦዎች በጉንጉንና በጉንጉን መካከል ባለው ሸለቆ ላይ ተበጥሰው ታዩ፤ መመዘኛው በሸለቆ ውስጥ በአንድ ዙር ሁለት ከተገኘ ገመዱ እንዲጣል ያዛል፤ እዚያ የሚታይ ስብራት ብዙ ጊዜ የውስጥ ጉዳት ምልክት ነውና። ገመዱ በዚያው ሳምንት ወረደ። ፑሌዋ ትዞር ነበር፤ ግን እየከበደች። ትዕዛዙን የዘጋው ያው መካኒክ ነው፤ በቅጹ ግርጌ የወጪ ደረሰኙን ቁጥር ከጻፈ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ «ኩሽኔታ ሁለት ተቀይሯል፤ በአንድ ጣት ትዞራለች፤ አሮጌዎቹ ሳጥኑ ውስጥ ናቸው።»